ብዙ ሕመም የነበረባቸው አረጋውያን ሲሞቱ የሞት ምክንያታቸው እንዴት ይጻፍ? በጎጃም ለሚገኙ ሆስፒታሎች የቀረበ ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ፦ በጎጃም ለሚገኙ ሆስፒታሎች የሕክምና ዳይሬክተሮች፣ ለውስጥ ደዌ ክፍል ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የሞት ምክንያት ምስክር ወረቀት ለሚሞሉ ሐኪሞች በሙሉ

ጉዳዩ፦ በአረጋውያን የሞት ምክንያት ምስክር ወረቀት ላይ ስለሚሰፍረው ቃል

የተከበራችሁ የሙያ ባልደረቦቼ፤

ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ በጎጃም በውስጥ ደዌ ክፍል የምሠራ ሐኪም ነኝ። በክፍላችን ከሚያርፉት ታካሚዎች ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ ናቸው፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ ደም ግፊት፣ ስኳር፣ የልብ ድካም፣ የኩላሊት መድከም ወይም የቆየ የሳንባ ሕመም ከሁለትና ከሦስት ደራርበው ለዓመታት የኖሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ሰው ሲሞት ግን በምስክር ወረቀቱ ላይ ደጋግሜ የማነበው «የልብና የትንፋሽ መቆም» ወይም «እርጅና» የሚል ቃል ነው፤ አለዚያም በፎልደሩ ላይ የተገኘው የሕመም ስም ሁሉ ያለ ቅደም ተከተል በአንድ መስመር ተደርድሮ አገኘዋለሁ። ሦስቱም አጻጻፎች ወረቀቱ የጠየቀንን ጥያቄ አይመልሱም። ጥያቄው ምን እንደሆነና በምን መንገድ ሊመለስ እንደሚችል በአንድ ታካሚ ታሪክ ላይ ተመሥርቼ ላስረዳ፤ ከዚያም ከእናንተ የምጠይቀውን አቀርባለሁ።

የምንሞላው ቅጽ የዓለም ጤና ድርጅት ለሁሉም አገሮች ያዘጋጀውን ቅጽ የተከተለ ነው። የሞት ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ሁለት ክፍሎች አሉት። ክፍል አንድ ከላይ ወደ ታች ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ የተባሉ አራት መስመሮች አሉት። ሀ ላይ ሰውየውን በቀጥታ ለሞት ያደረሰው ሁኔታ ይጻፋል፤ ለ ላይ ሀን ያመጣው፣ ሐ ላይ ለን ያመጣው እየተባለ ወደ ታች ይወረዳል። የመጨረሻው የተሞላ መስመር ነገሩን ሁሉ የጀመረው ሕመም ነው፤ ይህም መነሻ የሞት ምክንያት ይባላል። አራቱንም መስመሮች መሙላት ግዴታ አይደለም፤ ሁለት ከበቁ ሁለት ይበቃሉ። ክፍል ሁለት ደግሞ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ቀጥተኛ ቦታ ለሌላቸው፣ ነገር ግን ሰውየውን አዳክመው ለሞቱ አስተዋጽኦ ላደረጉ ሌሎች ሕመሞች የተተወ ነው። ከእያንዳንዱ መስመር ጎን ሕመሙ ከጀመረበት እስከ ሞት ድረስ ያለው ጊዜ የሚጻፍበት ቦታ አለ። በአገርም ሆነ በዓለም ደረጃ ሰዎች በምን ሞቱ ተብሎ ሲቆጠር ከአንድ ሰው የሚወሰደው አንድ መነሻ ምክንያት ብቻ ነው። ከ1948 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ማለትም ከበሽታዎች ዓለም አቀፍ ምደባ ስድስተኛ ክለሳ ወዲህ፣ አሠራሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ ወረቀቱ የሚጠይቀን «ይህ ሰው ምን ምን ሕመም ነበረበት?» ብሎ አይደለም። የሚጠይቀን «ከእነዚህ ሕመሞች ውስጥ ወደ ሞት የሚወስደውን መንገድ የጀመረው የትኛው ነው? መንገዱስ በምን በምን አለፈ?» ብሎ ነው። መልሱ ከላቦራቶሪ ተለይቶ የሚመጣ ውጤት ሳይሆን ታካሚውን ያየው ሐኪም ፎልደሩን አንብቦ፣ ቤተሰብ ጠይቆና አመዛዝኖ የሚሰጠው የሙያ አስተያየት ነው። አስቸጋሪነቱም፣ ለሌላ ሰው ሊተው የማይችለውም ከዚህ የተነሣ ነው።

አሁን ወደ ታካሚው ልለፍ፤ ማንነታቸው እንዳይለይ አንዳንዱን ዝርዝር ለውጫለሁ። የ78 ዓመት አረጋዊ ገበሬ ናቸው። ደም ግፊት እንዳለባቸው ከታወቀ 15 ዓመት ሆኗቸዋል፤ መድኃኒቱን አንድ ሰሞን ይወስዱታል፣ ራሳቸው ቀለል ሲላቸው ይተውታል። የስኳር ሕመም ከተገኘባቸው 9 ዓመት ሆኗል፤ እሱ ግን በሜትፎርሚን ብቻ ተይዞላቸው የጾም ስኳራቸው ከ130 ብዙም ሳይርቅ ቆይቷል፤ እግራቸው ላይ ቁስል የለም፣ ኩላሊታቸውም ደህና ነበር። በሐምሌ መጨረሻ ማለዳ ከአልጋ ሊነሡ ሲሉ ግራ እጅና እግራቸው አልታዘዝ አላቸው፣ አፋቸውም ተጣመመ። ጤና ጣቢያ ሲደርሱ የደም ግፊታቸው 210/120 ነበር። ሲቲ ስካን ወዳለበት ሪፈር ተጽፎላቸው ነበር፤ ቤተሰቡ ግን አቅም አጥቶ ወደ ቤት መለሳቸው። ከዚያ በኋላ ከአልጋ አልተነሡም።

በኅዳር አጋማሽ ትኩሳትና የትንፋሽ ማጠር ይዟቸው ወደ ክፍላችን ገቡ። የደረት ራጃቸው በቀኝ ሳንባ የታችኛው ክፍል ላይ የሳንባ ምች አሳየ። ያስታመሟቸው ሴት ልጃቸው ናቸው፤ ስለ አመጋገባቸው ስጠይቃቸው እንዲህ አሉኝ፦ «ዶክተር፣ አባቴ ከፍልሰታ ጀምሮ አጥሚት እንኳ ሲጎነጩ ትን ይላቸው ነበር። ቀና አድርጌ ደግፌ ነው የማጎርሳቸው፤ ግን ቀስ እያለ እየባሰ መጣ።» ይህ የልጃቸው ቃል ከራጁ ያላነሰ ማስረጃ ነው። ስትሮኩ የመዋጥ ችሎታቸውን እንደጎዳው፣ ምግብና ምራቅ ወደ ሳንባ ይገባ እንደነበር፣ ምቹም ከዚያ እንደመጣ ይነግረናል፤ ወደ ሳንባ የሚሳት ነገር ደግሞ የቀኙ መተላለፊያ ቀጥ ያለና ሰፊ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ቀኝ ያደላል። አንቲባዮቲክ ተጀመረላቸው። በአምስተኛው ቀን ግን ኢንፌክሽኑ በደም ተሰራጭቶ ግፊታቸው ወደ 85/50 ወረደ፤ ፈሳሽ ቢሰጣቸውም አልመለስ አለ፤ ሽንታቸው ቆመ፤ በስድስተኛው ቀን ሌሊት አረፉ።

ሌሊቱን ተረኛ የነበረው ሐኪም ታካሚውን ከዚያ በፊት አይቷቸው አያውቅም። አስከሬኑን ለመውሰድ መኪና ተከራይቶ በር ላይ ቆሟል፤ ቀብሩ በማግሥቱ በሰበካቸው ቤተ ክርስቲያን ሊፈጸም ነው። ወረቀቱ ላይ እንዲህ ተጻፈ፦ ሀ) የልብና የትንፋሽ መቆም፤ ለ) የብዙ የሰውነት ክፍሎች ሥራ ማቆም፤ ሐ) ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ምች፣ እርጅና። የጊዜው ቦታ ባዶ ነው፤ ክፍል ሁለትም ባዶ ነው። እያንዳንዱ ቃል ለብቻው ሲታይ እውነት ነው፤ አንድም የፈጠራ ሕመም አልተጻፈም። በዚህ ምክንያት ስሕተቱ በቀላሉ አይታይም።

ይህ ወረቀት የሞት ምክንያቶችን መለያ ቁጥር ወደሚሰጠው የመረጃ ባለሙያ ሲደርስ ምን ይሆናል? ባለሙያው ታካሚውን አላየም፤ በእጁ ያለው ወረቀቱና የምደባው ደንብ ብቻ ነው። ደንቡ መነሻውን ከመጨረሻው የተሞላ መስመር ፈልግ ይለዋል። በዚያ መስመር ላይ ከአንድ በላይ ሕመም ከሰፈረ ደግሞ ከላይ ያለውን ሊያመጣ እስከቻለ ድረስ በመጀመሪያ የተጻፈው ቅድሚያ ያገኛል። በዚህ ወረቀት ላይ መጀመሪያ የተጻፈው ስኳር ነው። ስለዚህ ለዘጠኝ ዓመት በደንብ ተይዞ የቆየውና በሞታቸው ላይ ትንሹን ድርሻ የያዘው የስኳር ሕመም፣ ተረኛው ሐኪም በችኮላ ከሌሎቹ አስቀድሞ ስለጻፈው ብቻ፣ የእኒህ ሰው መነሻ የሞት ምክንያት ሆኖ የመመዝገብ ዕድሉ ሰፊ ነው። ስትሮኩ ከቆጠራው ይወጣል። ያልታከመው ደም ግፊትም የትም አይታይም።

ፎልደሩን አንብቦና ልጃቸውን ጠይቆ የሚሞላ ሐኪም ይህንኑ ወረቀት በሚከተለው መልክ ይጽፈው ነበር፦

ክፍል አንድ
ሀ) ሴፕቲክ ሾክ — 1 ቀን
ለ) በትንታ የመጣ የሳንባ ምች — 6 ቀን
ሐ) ስትሮክ፣ ዓይነቱ ያልተለየ፣ የግራ ጎን ሽባነትና የመዋጥ ችግር ያስከተለ — 4 ወር
መ) ደም ግፊት — 15 ዓመት

ክፍል ሁለት
ሁለተኛው ዓይነት የስኳር ሕመም — 9 ዓመት

እዚህ ላይ ከሴፕቲክ ሾኩ በቀር አዲስ ሕመም አልተጨመረም፤ በዋናነት የተለወጠው ቦታቸው ነው። ትክክል መሆኑን ለመፈተን ከታች ወደ ላይ «አመጣ» እያሉ ማንበብ ይበቃል፦ ደም ግፊቱ ስትሮኩን አመጣ፣ ስትሮኩ የመዋጥ ችግር አስከትሎ የትንታውን ምች አመጣ፣ ምቹ ሴፕቲክ ሾክ አመጣ። በአንዱ መስመር ላይ «አመጣ» ማለት የማያስኬድ ከሆነ ያ ሕመም ቦታው እዚያ አይደለም። በፊተኛው ወረቀት ላይ ይህን ብንሞክር ወዲያው እንሰናከላለን፤ ሐ ላይ የተጻፉት አምስት ነገሮች እርስ በርሳቸው ማን ማንን እንዳመጣ አይናገሩምና። ሁለተኛው መፈተኛ የጊዜው ዓምድ ነው። ከታች ያለው ሕመም ከላይኛው ቀድሞ የጀመረ መሆን አለበት፤ ስለዚህ ቁጥሮቹ ወደ ታች በወረድን ቁጥር ሊረዝሙ ወይም ቢያንስ እኩል ሊሆኑ ይገባል። 15 ዓመት ከላይ፣ 4 ወር ከታች ተጽፎ ካየን ሰንሰለቱ ተገልብጧል ማለት ነው።

የጊዜውን ዓምድ ብዙዎቻችን እንደ ትርፍ ነገር ባዶ እንተወዋለን። በስትሮክ ላይ ግን የሚመረጠውን መለያ ራሱን ይለውጣል። በአሥረኛው ክለሳ፣ ደም መፍሰስ ይሁን የደም ሥር መዘጋት ያልተለየ ስትሮክ I64 የሚል መለያ አለው፤ ስትሮኩ ከሞት በፊት አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ የቆየ ከሆነ ግን «የስትሮክ ጠባሳ» ተብሎ ወደ I69 ይሄዳል። «4 ወር» የሚለው አጭር ጽሑፍ ነው ሁለቱን የሚለያቸው። ቀኑ በትክክል ካልታወቀ «ወደ 4 ወር ገደማ» ወይም «ከ10 ዓመት በላይ» ማለት ይቻላል፤ ጨርሶ ካልታወቀም «ያልታወቀ» ብሎ መጻፍ ባዶ ከመተው ይሻላል።

ከዚህ ጋር ተያይዞ አንዳንድ ባልደረቦቼ የሚያነሡትን ጥያቄ ልመልስ። «መነሻው ደም ግፊት ከሆነ ስትሮኩ አሁንም ከቆጠራ ይወጣል ማለት ነው?» ይላሉ። አይወጣም። ደም ግፊት በመነሻነት ተጽፎ በወረቀቱ ላይ ስትሮክ ካለ፣ ደንቡ ሁለቱን አያይዞ ስትሮኩን እንዲመርጥ ባለሙያውን ያዘዋል፤ ስትሮክ በሕዝቡ ዘንድ ስላለው ችግር ይበልጥ የሚናገር ስለሆነ ነው። ሐኪሙ ይህን ደንብ ማወቅ አይጠበቅበትም፤ ወረቀቱን ለቆጠራው እንዲመች አድርጎ ማስተካከልም ሥራው አይደለም። ያመነበትን ሰንሰለት በትክክለኛው ቅደም ተከተል ከጻፈ፣ የቀረውን ደንቡ ይሠራዋል።

በአረጋውያን ላይ ትልቁ ችግር ሰንሰለቱ እንደዚህ ጥርት ብሎ አለመገኘቱ እንደሆነ አውቃለሁ። ደም ግፊትም ስኳርም ስትሮክን ያመጣሉ፤ በእኒህ አባት ላይ ደም ግፊቱን ከሰንሰለቱ፣ ስኳሩን ከክፍል ሁለት ያገባሁት ለምንድን ነው? ስትሮኩ በደረሰበት ዕለት ግፊቱ 210/120 መሆኑን፣ መድኃኒቱ ይቋረጥ እንደነበርና ስኳሩ ግን በደንብ ተይዞ፣ ምንም ጉዳት ሳያደርስ መቆየቱን አመዛዝኜ ነው። ሌላ ሐኪም በሌላ ታካሚ ላይ፣ ለምሳሌ ስኳሩ ለዓመታት ከ300 ያልወረደ፣ ኩላሊቱን የጎዳና እግሩን ያስቆረጠ ሰው ላይ፣ ስኳሩን መነሻ ሊያደርግ ይችላል፤ ትክክልም ይሆናል። ሁለቱ በእውነት እኩል ከመሰሉት አንዱን መርጦ በክፍል አንድ፣ ሌላውን በክፍል ሁለት ያስገባል። መምረጥ ሐኪሙን ሊያሳስበው አይገባም። ሳይመርጥ ቢተወውም ምርጫው መደረጉ አይቀርም፤ የሚመርጠው ግን ታካሚውን ያላየ ሰው፣ በቃላት አቀማመጥ ብቻ ይሆናል።

እርግጠኛ አለመሆንም ለመጻፍ እንቅፋት አይደለም። ሲቲ ስካን ስላልተነሣ «የአንጎል ደም መፍሰስ» ብሎ መገመት ስሕተት ነው፤ «ስትሮክ፣ ዓይነቱ ያልተለየ» ማለት ግን እውነት ነው፤ የራሱ መለያም አለው። ሐኪሙ ሰንሰለቱን በአመዛኙ ካመነበትና ጥርጣሬውን መግለጽ ከፈለገ «ምናልባት» ብሎ መጨመር ይችላል፤ ቆጠራው ላይ እንዲህ ያለው የጥርጣሬ ቃል ቀሪ ተደርጎ ሕመሙ እንደተጻፈ ይወሰዳል። ስለዚህ «ምናልባት» የሐኪሙን ታማኝነት ያስጠብቃል እንጂ መረጃውን አያጠፋም። ይህን ብዙ ጀማሪ ሐኪሞች ስለማያውቁ፣ ያልተረጋገጠ ሕመም ከመጻፍ «የልብ መቆም» ብሎ መገላገልን ይመርጣሉ። የልብ መቆም ግን በሞተ ሰው ሁሉ ላይ ያለ ነገር ነው፤ አንዱን ሟች ከሌላው አይለይም።

«እርጅና» የሚለውን ቃል ለብቻው ላንሣው፤ በእኛ አገር የሚጻፈው ከልብ በሆነ አክብሮት ጭምር ነውና። ቤተሰቡ «ዕድሜ ጠግበው አረፉ» ይላል፤ ለልቅሶ ለመጡት ይህ መልካም ቃል ነው፣ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። በምስክር ወረቀት ላይ ሲሰፍር ግን በምደባው ደንብ በቂ መግለጫ ከሌላቸው ሁኔታዎች ጋር ይቆጠራል፤ በወረቀቱ ላይ ሌላ ሕመም ካለ ይታለፋል፣ ብቻውን ከሆነ ምንም ሳይነግረን ይቀራል። አንዳንድ ሐኪሞች የእንግሊዝ ንግሥት ሁለተኛ ኤልዛቤጥ በ2022 እ.ኤ.አ. በ96 ዓመታቸው ሲያርፉ በሞት መዝገባቸው ላይ «እርጅና» መባሉን ያነሣሉ። እውነት ነው፤ በብሪታንያ መመሪያ ግን ይህ የሚፈቀደው ሟቹ 80 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ሐኪሙም ለረጅም ጊዜ ሲከታተለው ቆይቶ ቀስ በቀስ መዳከሙን በራሱ ዓይን ያየና ለሞቱ ያበቃ ሌላ የሚለይ ሕመም የማያውቅ ሲሆን ነው። ከላይ የተረኩላቸው አባት ደም ግፊት፣ ስትሮክ፣ የሳንባ ምችና ሴፕቲክ ሾክ ነበረባቸው፤ ዕድሜያቸው እነዚህን ሁሉ እንዲሸፍን ማድረግ ተገቢ አይደለም። ዕድሜያቸው በቅጹ ላይ በራሱ ቦታ ተጽፏልና በምክንያትነት መደገምም አያስፈልገውም።

እርጅና የሚለው ቃል ከሁሉ በላይ ጉዳት የሚያደርሰው በወደቁ አረጋውያን ላይ ይመስለኛል። አንዲት የ80 ዓመት እናት በክረምት ጭቃ ግቢያቸው ውስጥ አዳልጧቸው ይወድቃሉ፤ የጭናቸው አጥንት ከዳሌያቸው ሥር ይሰበራል። ቀዶ ሕክምና ሳይደረግላቸው ይተኛሉ። በአምስተኛው ሳምንት የሳንባ ምች ይዟቸው ይሞታሉ። ወረቀቱ ላይ «የሳንባ ምች፣ የልብ ድካም፣ እርጅና» ይባላል፤ ስብራቱም መውደቁም አይጻፍም፤ አምስት ሳምንት ስለቆየ ተረስቷል። ትክክለኛው ሰንሰለት ሀ ላይ የሳንባ ምች፣ ለ ላይ በስብራት ምክንያት አልጋ ላይ መዋል፣ ሐ ላይ የጭን አጥንት አንገት ስብራት፣ መ ላይ በቤታቸው ግቢ አዳልጧቸው መውደቃቸው ነው፤ የልብ ድካማቸው ወደ ክፍል ሁለት ይሄዳል። ጉዳት ሞትን ሲያስከትል መነሻው ምክንያት የአጥንቱ ስብራት እንኳ አይደለም፤ ጉዳቱን ያደረሰው አጋጣሚ፣ ማለትም መውደቁ ነው። የሞቱ ሁኔታ በሚጠየቅበት ቦታም «በሕመም» ሳይሆን «በድንገተኛ አደጋ» የሚለው ሊመረጥ ይገባል። በመውደቅ እና በተኛ ሰው የሳንባ ምች መካከል ያሉት ሳምንታት ስንት ቢሆኑ፣ ሰንሰለቱ እስካልተቋረጠ ድረስ መነሻው አይለወጥም።

ስለ አሕጽሮተ ቃላትም አጭር ነገር ልናገር። «ኤም.አይ.» ተብሎ የተጻፈ ነገር ለአንዱ አንባቢ የልብ ጡንቻ መሞት፣ ለሌላው የልብ ቫልቭ በደንብ አለመዘጋት ሆኖ ይነበባል። ሙሉውን መጻፍ የሚወስደው ጊዜ ከግማሽ ደቂቃ አይበልጥም።

አሁን ከእናንተ የምጠይቀውን ላቅርብ። የመጀመሪያውና ዋናው፣ አስከሬን መልቀቅና የሞት ምክንያት መጻፍ በሁለት የተለያዩ ወረቀቶችና በሁለት የተለያዩ ሰዓቶች እንዲሆኑ ነው። በእኛ አካባቢ ቀብር አይዘገይም፤ ዘመድ ተጠርቷል፣ ካህናት ይጠብቃሉ፣ መኪናው በሰዓት ይከፈልበታል። ቤተሰቡን ፎልደር እስኪነበብ አቁሞ ማቆየት ጭካኔ ነው፤ ተረኛውንም ሐኪም በማያውቀው ታካሚ ላይ ሙሉ የሙያ አስተያየት በአሥር ደቂቃ ስጥ ማለት ፍትሐዊ አይደለም። ተረኛው ሐኪም ሞቱን አረጋግጦ፣ ሰዓቱን መዝግቦ አስከሬኑን ቢለቅ ይበቃል። የሞት ምክንያት ምስክር ወረቀቱን ግን ታካሚውን ሲያክም የቆየው ሐኪም በማግሥቱ የሥራ ሰዓት ፎልደሩን ይዞ ይሙላው። ቤተሰቡም አይጎዳም፤ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት ሞትን ለማስመዝገብ 30 ቀን አላቸውና የምስክር ወረቀቱን ከሐዘኑ በኋላ መጥተው ሊወስዱ ይችላሉ።

ይህ እንዲሠራ ተረኛው ሐኪም ወይም ነርሷ አስታማሚውን ከመሸኘታቸው በፊት ሁለት ሦስት ነገር ጠይቀው በፎልደሩ ላይ ቢያሰፍሩ ትልቅ እገዛ ነው፦ ሟቹ መጨረሻ ጊዜ በእግራቸው የሄዱት መቼ ነው? ወድቀው ያውቃሉ? ከዚህ ሕመም በፊት አልጋ ላይ ያዋላቸው ነገር ምን ነበር? አስታማሚው አንዴ ወደ ቀብሩ ከሄደ በኋላ ይህን የሚነግረን ሰው አይኖርም፤ በላቦራቶሪም አይገኝም። ከላይ በጠቀስኳቸው አባት ላይ የሰንሰለቱን መካከል የሰጡን ያስታመሟቸው ልጃቸው ናቸው።

ሁለተኛ፣ ካርድ ክፍል ያሉ የመረጃ ባለሙያዎች ወረቀት መልሶ የመላክ ሥልጣን እንዲሰጣቸው እጠይቃለሁ። በክፍል አንድ የመጨረሻ መስመር ላይ «የልብ መቆም»፣ «የትንፋሽ መቆም»፣ «የብዙ አካላት ሥራ ማቆም» ወይም «እርጅና» ብቻውን ከተገኘ፣ በአንድ መስመር ላይ ሁለትና ከዚያ በላይ ሕመም ከተደረደረ፣ ወይም የጊዜው ዓምድ ባዶ ከሆነ፣ ባለሙያው ወረቀቱን ለፈረመው ሐኪም ይመልስ፤ ሐኪሙም እንደ ወቀሳ ሳይሆን ላቦራቶሪ «ናሙናው አልበቃንም» ብሎ እንደሚመልሰው አድርጎ ይቀበለው። ዛሬ ባለሙያው ሐኪሙን መጠየቅ ስለሚከብደው ያገኘውን ይመዘግባል፤ ከዚያ በኋላ ስሕተቱን ማንም አያገኘውም።

ሦስተኛ፣ በየወሩ በሚደረገው የሞት ግምገማ ላይ የአንድ አረጋዊ ታካሚ ወረቀት ከፎልደራቸው ጋር ጎን ለጎን ይነበብ። ስብሰባው ታካሚው እንዴት ታከሙ የሚለውን ሲመረምር ወረቀቱን አብሮ አይመረምርም፤ ኢንተርኖችም የሚማሩት አጠገባቸው ያለው ሐኪም እንደጻፈው ነው። «አመጣ» እያሉ ከታች ወደ ላይ ማንበብን በአንድ ስብሰባ ላይ በእውነተኛ ወረቀት የተለማመደ ሰው ዳግመኛ አምስት ሕመም በአንድ መስመር አይደረድርም ብዬ አምናለሁ።

በጎጃም ገጠር አብዛኛው ሰው የሚሞተው በቤቱ ነው፤ የሞቱን ምክንያት የሚጽፍ ሐኪም አጠገቡ የለም። ሆስፒታል ደርሰው ስለሞቱት የምንጽፈው ጥቂት ወረቀት ስለዚህ ሕዝብ ካለን የሕክምና ማስረጃ ከፍ ያለውን ቦታ የያዘ ነው። ያልታከመ ደም ግፊት ስንቱን ሽማግሌ በስትሮክ እንደሚጥል፣ በትንታ የሚመጣ ምች ስንቱን እንደሚወስድ፣ በክረምት ጭቃ የወደቁ ስንት እናቶች ከአልጋ ሳይነሡ እንደሚቀሩ የጤና ቢሮው ሊያውቅ የሚችለው እኛ ከጻፍነው ብቻ ነው፤ የመዋጥ ችግርን ለይቶ አስታማሚን ማሠልጠን ይሁን፣ የተሰበረ አጥንት ቶሎ ቀዶ ሕክምና የሚያገኝበትን መንገድ ማመቻቸት፣ በጀት የሚያዘው በዚያ መሠረት ነው።

ለዚህ ደብዳቤ የሚሰጠኝን ማናቸውንም እርማት በአክብሮት እቀበላለሁ፤ ወረቀቶችን አብሮ ለማንበብ ለሚጠራኝ ክፍል ሁሉ ለመምጣት ፈቃደኛ ነኝ።

ከአክብሮት ጋር
በጎጃም የሚሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም